ሂማን ሰይፉን ሰው ላይ ለምን አያነሳም?

ሂማን የሚባለውን የካርቱን ጀግና የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ዩቲዩብ ላይ አንድ ክፍል ከፍቶ ማየት ይችላል። ሰውየው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ጡንቻ ነው። ጀርባው ላይ ትልቅ ሰይፍ አዝሏል። ታሪኩ በሙሉ የሚሽከረከረውም በዚያ ሰይፍ ዙሪያ ነው፤ ኃይሉን የሚያገኘው ሰይፉን ወደ ሰማይ አንስቶ ነውና። ግን ያ ሰይፍ የጠላት ሥጋ ላይ ሲያርፍ አያለሁ ብላችሁ ብትጠብቁ በከንቱ ነው። ሂማን ጠላቱን ብድግ አድርጎ ጭቃ ውስጥ ይወረውረዋል፣ ቋጥኝ ፈንቅሎ መንገድ ይዘጋበታል፣ ብረት ለበስ ሮቦት ከሆነ ደግሞ ይሰባብረዋል። ሰይፉ የሚያገለግለው የተወረወረ ጨረር ለመመለስ ወይም ሰንሰለት ለመበጠስ ነው። ሰውን በቡጢ መምታትም የለም።

ልጅ ሆኖ ላየው ሰው ይህ የጀግናው ጨዋነት ይመስላል። በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን ይህ ጨዋነት የተጻፈ ደንብ ነበር፤ ደንቡም የተጻፈው ገንዘብ፣ ሕግና የጊዜ እጥረት አንድ ላይ በተገናኙበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

በተከታታይ ፊልም ሥራ ውስጥ «ባይብል» የሚባል ሰነድ አለ። ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱስ ይዋስ እንጂ ሃይማኖት የለበትም። ገጸ ባሕርያቱ እነማን እንደሆኑ፣ ማን ምን እንደሚያውቅና እንደማያውቅ፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችልና እንደማይችል፣ አንድ ክፍል እንዴት ተጀምሮ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ቀልዱ እስከ የት እንደሚፈቀድ የሚወስን ጽሑፍ ነው። ተመልካች አያየውም። የሚያነበው ነገ ጠዋት መጥቶ ክፍል 37ን እንዲጽፍ የታዘዘ ሰው ነው። እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ አሥር ሰው ሳይገናኝ አንድ ሥርዓት ሲሠራ፣ ሁሉም የሚስማማበት አንድ ወረቀት ከሌለ መጨረሻ ላይ የሚገጣጠም ነገር አይኖርም።

የሂማን ባይብል በ1982 መጨረሻ ገደማ የተጻፈ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጻፈው ማይክል ሃልፐሪን የተባለ ደራሲ ሲሆን፣ ያጻፈው ፊልሜሽን የተባለው የካሊፎርኒያ አኒሜሽን ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው የጀመረው ከባዶ ወረቀት አልነበረም። ችግሩም እሱ ነበር።

ሂማን መጀመሪያ መጫወቻ ነው። ማቴል የተባለው ድርጅት በ1982 ገበያ ላይ ሲያወጣው በየማሸጊያው ውስጥ ትንሽ የሥዕል መጽሐፍ ከተተ። በዚያች መጽሐፍ ውስጥ ሂማን ከጫካ ጎሳው ተለይቶ የወጣ ተንከራታች ተዋጊ ነው፤ ልዑል የለም፣ ቤተ መንግሥት የለም፣ መለወጥ የለም። ሰይፉም ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ከሂማን መጫወቻ ጋር፣ ግማሹ ከክፉው ስኬለተር ጋር ይሸጣል፤ ልጁ ሁለቱንም ካልገዛ ሰይፉ ሙሉ አይሆንም። በዚያው ዓመት ደግሞ ዲሲ ኮሚክስ የራሱን ታሪክ አሳተመ። እሱ ልዑል አዳም የሚባል ሰው አመጣ፤ አዳም ወደ ሂማን የሚለወጠው ግን ዋሻ ውስጥ ገብቶ ነው። እንግዲህ ፊልሜሽን ሥራውን ሲረከብ አንድ ጀግና ሁለት የትውልድ ታሪክ ይዞ ነበር የመጣው። በእኛ ሙያ ሁለት ሰዎች ያንኑ ፋይል ለየብቻ ቀይረው ሲመጡ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የአንድ ሰው ሥራ ይሆናል።

ሌላም እንቆቅልሽ ነበር። ማቴል ቲላ የምትባል ተዋጊ ሴት መጫወቻ ሠርቷል። ይቺው መጫወቻ የእባብ ቅርጽ ያለው ጥሩር ሲደረብላት ሌላ ሴት፣ ማለትም ጠንቋይቱ ትሆናለች። አንድ አካል፣ ሁለት ሰው። በፊልሙ ውስጥ ሁለቱ ተለያዩና ጠንቋይቱ የግሬይስከል ግንብ ጠባቂ፣ ቲላ ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች አለቃ ሆኑ። ጠንቋይቱ የቲላ እናት ናት፤ ቲላ ግን ይህን አታውቅም። እንደሚመስለኝ የዚህ ተከታታይ ፊልም ልብ የሚነካው ዝምድና የመጣው ከአንድ ፕላስቲክ ላይ ሁለት ሴት ከመፍታት ነው። ወደዚህ ዝምድና እመለሳለሁ።

አሁን ቁጥሩን እንይ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የልጆች ካርቱን የሚታየው በዋናነት ቅዳሜ ጠዋት፣ በትልልቆቹ ኔትወርኮች ነበር። ለአንድ ወቅት 13 ክፍል ገደማ ይበቃል። ሂማን ግን የተሸጠው በየከተማው ላሉ ጣቢያዎች በተናጠል ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንዲታይ። በሳምንት 5 ክፍል፣ ለ13 ሳምንት፣ 65 ክፍል። 65ቱን አራት ጊዜ ብትደጋግሙት 52 ሳምንት፣ አንድ ዓመት ሙሉ ይሸፈናል። ስሌቱ ይኸው ነው። ፊልሙ በሴፕቴምበር 1983 ሲጀምር 65ቱ ነበሩ የታሰቡት፤ በኋላ ሌላ 65 ተጨምሮ 130 ሆኑ።

65 ክፍል እያንዳንዱ 22 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ወደ 24 ሰዓት የሚጠጋ አኒሜሽን ነው፤ ያውም በእጅ የሚሳል። ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል እንኳ ብትሉ፣ አንድ ክፍል ብቻውን ከ15 ሺህ ሥዕል በላይ ይጠይቃል። ሌሎች ስቱዲዮዎች ሥራውን ወደ እስያ ሲልኩ ከፊልሜሽን መሥራቾች አንዱ የሆነው ሉ ሻይመር እዚያው ካሊፎርኒያ እንዲሠራ ወስኖ ነበር። ስለዚህ መቆጠቢያው አንድ ብቻ ነው፤ የተሳለውን መልሶ መጠቀም። ሰዎች ሲሮጡ፣ ሲዘሉ፣ ሲገለባበጡ ይቀረጻሉ፤ በፊልሙ ላይ እየተደገፉ ሠዓሊዎች ይስሉታል፤ ያ ሥዕል ከዚያ በኋላ ለዘላለም ያገለግላል። ሂማን ወደ ካሜራው ሲሮጥ አንዴ ካያችሁት መቶ ጊዜ አይታችሁታል።

ይህ ቁጠባ ተመልሶ የገጸ ባሕርይ ደንብ ይሆናል። ልዑል አዳምና ሂማን ለምን አንድ ዓይነት ቁመና፣ አንድ ዓይነት ፊት አላቸው? ብዙ ሰው ይቀልድበታል፤ ልብስ ከመቀየር በቀር ለውጥ የለም፣ እንዴት እናቱ እንኳ አትለየውም እያለ። መልሱ አንድ አካል ከሆኑ የአንዱ ሩጫ ለሌላው ይሆናል የሚል ነው። መጫወቻ ፋብሪካውም በአንድ ቅርጽ ማውጫ ሁለት መጫወቻ ይሠራል። አዳም ወደ ሂማን የሚለወጥበት ትዕይንትም በየክፍሉ ያው ራሱ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ገደማ አዲስ ሥዕል የማይፈልግ ጊዜ። ልጆቹ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ያንኑ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የኦርኮ ፊደል ነው። ኦርኮ ፊቱ በሻሽ የተሸፈነ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ፣ አስማቱ ሁሌ የሚከሽፍበት ትንሽ ፍጡር ነው። መጫወቻ አልነበረም፤ ስቱዲዮው ራሱ የፈጠረው ነው። ሥራውም ግልጽ ነው፤ ትልልቆቹ ጡንቸኞች መካከል የልጁን ቦታ ይይዛል፣ ይጠይቃል፣ ያበላሻል፣ ይማራል። መጀመሪያ ስሙ ጎርፖ ነበር፤ ደረቱም ላይ በእንግሊዝኛ የስሙ መነሻ ፊደል ነበረበት። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሥዕሉ የሚሣለው ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ስለሆነ፣ ወደ ቀኝ የሚሄደውን ገልብጣችሁ ወደ ግራ የሚሄድ ማድረግ ትችላላችሁ። ፊደሉ ግን አብሮ ይገለበጣል። የእንግሊዝኛው O ግን ከየትኛውም ወገን ቢታይ O ነው። እናም ጎርፖ ኦርኮ ሆነ። (በእኛ ፊደል ቢሆን ‹ጎ›ም ‹ኦ›ም አያዋጡም ነበር፤ የሚያዋጣው ዐይኑ ‹ዐ› ነው።) የገጸ ባሕርይን ስም የሚወስነው አንዳንዴ ይሄን ያህል ተራ ነገር ነው። የኦርኮን ድምፅ የሠራው ደግሞ በሌላ ስም ተሸፍኖ ራሱ ሉ ሻይመር ነበር።

ወደ ሰይፉ እንመለስ። በ1969 ማቴል «ሆት ዊልስ» በሚባሉት ትንንሽ መኪኖቹ ስም የተሠራ ካርቱን በአንድ ኔትወርክ ላይ ሲታይ የአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ጣልቃ ገብቶ ነበር፤ ይህ ፕሮግራም ሳይሆን ማስታወቂያ ነው ተባለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሬጋን ዘመን ተቆጣጣሪው እጁን እየሰበሰበ መጣ፤ በ1984 በልጆች ፕሮግራም ላይ የነበረውን የማስታወቂያ ደቂቃ ገደብ አነሳ። ሂማን የወጣው በዚያ በተከፈተው በር ነው። በሩ ተከፍቷል ማለት ግን ዝም ተባለ ማለት አይደለም። ፔጊ ቻረን የምትመራው የወላጆች ንቅናቄ እንዲህ ያሉት ፊልሞች የግማሽ ሰዓት ማስታወቂያ ናቸው እያለ ይሟገት ነበር።

ስለዚህ ባይብሉ የቀድሞ ክስ ተሸክሞ ነው የተጻፈው። መጫወቻ እየሸጠ፣ በዚያ ላይ ጠብ የሚያስተምር ፊልም ማንም አይከላከልለትም። ስቱዲዮው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲውን የመገናኛ ብዙኃን ምሁር ዶናልድ ሮበርትስን አማካሪ አደረገ። ሰው አይመታም፣ ሰው አይሞትም። በየክፍሉ መጨረሻ አንዱ ገጸ ባሕርይ ወደ ካሜራው ዞሮ፣ ልጆች ከዛሬው ታሪክ ምን ትማራላችሁ ብሎ ያወራል። ያቺን የመጨረሻ ምክር ብዙዎች ይስቁባታል። እኔም ደካማ ነች እላለሁ፤ ታሪኩ ሠርቶ ከሆነ ልጁ ገብቶታል፣ ካልሠራ ደግሞ ምክሩ አያድነውም።

ደንቡ ራሱ ግን ከምክሩ የተሻለ ነገር አደረገ፤ የፊልሙን ለዛ ቀየረ። አስቡት፦ ስኬለተር የራስ ቅል ፊት ያለው፣ ልጅ ሊያስለቅስ የሚችል ፍጡር ነው። ማንንም መግደል አይችልም፤ መገደልም አይችልም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ መሸነፍና በማግስቱ ተመልሶ መምጣት አለበት። እንዲህ ያለ ክፉ ሰው በቁም ነገር ከቀጠለ በሁለተኛው ሳምንት ያሰለቻል። ስለዚህ ስኬለተር ቀስ በቀስ ተሳዳቢ፣ በገዛ ሎሌዎቹ ሞኝነት የሚበግን፣ በቀጭን ድምፁ የሚያማርር ሰው ሆነ፤ ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞረው ስኬለተር ማለት ነው። ጠላት የማይሞትበት ዓለም ከጻፋችሁ፣ ጠላታችሁ ወይ አስቂኝ ይሆናል ወይ አሰልቺ።

ጥሩ ጸሐፊ ደግሞ ደንቡን ራሱን ታሪክ ያደርገዋል። ለምሳሌ በኃይል መዘዝ ላይ ያጠነጠነ አንድ ክፍል አለ። እዚያ ስኬለተር ሂማንን መዋጋት ትቶ ያታልለዋል፤ በጉልበቱ ምክንያት ንጹሕ ሰው የገደለ እንዲመስለው ያደርጋል። ሂማን ይፈርሳል። ሰይፉን ወስዶ ግሬይስከል ግንብ ሥር ባለው ገደል ውስጥ ይወረውረዋል፤ ከዚህ በኋላ አዳም ብቻ ነኝ ይላል። እስከዚያ ድረስ ጀግናው ማንንም አለመግደሉ የተቆጣጣሪው ጉዳይ ነበር፤ እዚህ ላይ የራሱ የሰውየው ጉዳይ ይሆናል። ጸሐፊው ምንም አዲስ ሕግ አላመጣም፣ ደንቡ ቢጣስ ምን ይሆናል ብሎ ብቻ ነው የጠየቀው።

ሌላው ደንብ የመጣው ከጣቢያዎቹ ነው። ፊልሙን የገዛው ጣቢያ ክፍሎቹን በፈለገው ቅደም ተከተል ሊያሳይ ይችላል፤ ልጁም ሰኞን ሳያይ ማክሰኞን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር የሚቀጥለውን ክፍል መለወጥ የለበትም። ሁሉም ነገር መጨረሻ ላይ ወደነበረበት ይመለሳል። ለጸሐፊ ይህ እንደ እስር ቤት ነው፤ ማንም አያድግም፣ ምስጢር አይወጣም።

ቲላ እናቷን የምትፈልግበት ክፍል ላይ ይህ እስር ቤት እንዴት እንደተያዘ ተመልከቱ። ያሳደጋት ማን-አት-አርምስ የእናቷን ማንነት ሊነግራት ፈቃደኛ አይደለም፤ ቃል አለበት። እሷም አሻፈረኝ ብላ አዋቂ ልትጠይቅ ብቻዋን ትሄዳለች፤ መንገድ ላይ በጠላት እጅ ትወድቃለች። መጨረሻ ላይ ጠንቋይቱ እውነቱን ትነግራታለች፦ እናትሽ እኔ ነኝ። ልጁ ተመልካች ይህን ለማወቅ ስንት ክፍል ጠብቋል። አሁን ግን ጸሐፊው ችግር ውስጥ ነው፤ ነገ ከሰዓት በኋላ የሚታየው ክፍል ውስጥ ቲላ ይህን ማወቅ የለባትም። ርካሹ መንገድ እውነቱ እንዳይነገር በመጨረሻው ሰከንድ አንድ እንቅፋት ማምጣት ነበር። የተመረጠው ሌላ ነው። እናትየው ጊዜው እስኪደርስ ብላ የልጇን ትዝታ በገዛ እጇ ታጠፋለች። ቲላ ምንም ሳታውቅ ትመለሳለች፤ የምናውቀው እናትየውና እኛ ነን። የጣቢያዎቹ ደንብ አልተነካም፤ ወደነበረበት መመለሱ ግን ለአንዲት እናት ዋጋ አስከፈለ። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን ሁሉ የሚጽፉት ሰዎች ወጣቶች ነበሩ። ኋላ የባትማንን አኒሜሽን ከጻፉት አንዱ የሆነው ፖል ዲኒና «ባቢሎን 5»ን የፈጠረው ማይክል ስትራዚንስኪ ሂማን ላይ ጽፈዋል።

ከሃልፐሪን ባይብል ደግሞ የጠፋ ነገር አለ፤ እሱም ያስተምራል። በሰነዱ መሠረት የአዳም እናት ንግሥት ማርሊና የኢተርኒያ ሰው አይደለችም፤ መንኮራኩሯ ተሰናክሎ እዚያ የወደቀች አሜሪካዊት ጠፈርተኛ ናት። እስከዚህ ጥሩ። ግን አብረዋት የነበሩት ባልደረቦቿም ክፉዎቹ ሆነዋል ይላል። ኢቭል-ሊን የምትባለው ጠንቋይ ቀድሞ ኢቭሊን ፓወርስ ነበረች፤ ቢስት ማን የሚባለው አውሬ መሰል ሰው ደግሞ ቢፍ ቢስትማን። አንድ አሜሪካዊ በአጋጣሚ ስሙ ቢስትማን ሆኖ ከዚያ አውሬ ሆነ ማለት ነው! መጫወቻው ስም ስላለው ለስሙ ምክንያት ተፈለገለት። ይህ ሁሉ በተከታታዩ ፊልም ውስጥ ተጥሏል፤ ክፉዎቹ ከምድር መምጣታቸው አልተነሳም።

የማርሊና ግን ቀረ። ለምን? ሁለቱም እኩል ወረቀት ላይ የሰፈሩ ነበሩ። ልዩነቱ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ቢስት ማን ከየት መጣ የሚለው መረጃ፣ አንድ ጸሐፊ ማክሰኞ ጠዋት ቁጭ ብሎ ትዕይንት ሲጽፍ ምንም አይሰጠውም፤ ቢስት ማን ያው ቢስት ማን ነው፣ ስኬለተር ይጮህበታል። የማርሊና ያለፈ ሕይወት ግን የሚሠራ ነገር አለው፤ ዙፋን ላይ ዝም ብላ የተቀመጠችው ሴት አንድ ነገር ታውቃለች፣ መንዳት ትችላለች፣ የምትናፍቀው አገር አላት። ባይብል የሚጽፍ ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰባት ገጽ የትውልድ ሐረግ መጻፍ ይቀላል፣ ያስደስታልም፤ ነገር ግን ገጸ ባሕርዩ በሚቀጥለው ትዕይንት ምን እንደሚያደርግ የማይለውጥ አንቀጽ ማንም አያነበውም። አያነቡትም ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ አንብቦት ሌላው ሳያነበው ሲቀር እርስ በርስ የሚጋጭ ታሪክ ይወጣል።

ማርሊና ተራዋ የደረሰው «ዘ ሬይንቦ ዋሪየር» በተባለው ክፍል ነው። ቤተ መንግሥቱ በስኬለተር ሲጠቃ ንግሥቲቱ ዘውዷን አስቀምጣ ያቺን አሮጌ መንኮራኩሯን አውጥታ ትበራለች፣ ትዋጋለች።  ልጇ አዳም እንደ ልማዱ ሰበብ ፈልጎ ጠፍቷል፤ ሂማን ግን በጊዜው ደርሷል። የዚያ ክፍል ንግሥት ስለ ልጇ ምስጢር አንድ ነገር ያወቀች ትመስላለች፤ ግን በግልጽ አትናገርም፣ ማንም አይጠይቃትም፤ በሚቀጥለው ክፍል ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ነው።